የደሊል ቅርሻትና የኩምሳ ውርወራ

የከድሮን ቤተሰብ ገበያ መሐል ያየ ሰው፣ ቤታቸው ሕፃን እንዳለ ሳይነገረው ያውቅ ነበር። የሁሉም ትከሻ ላይ የደረቀ ነጭ ምልክት አለ። ከድሮ አምቦ ላይ አቡጀዲና ቴትሮን የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ደንበኛ ፊት ቆሞ ጨርቅ ሲለካ ምልክቱ ከመንገድ ማዶ ይታያል። የሚስቱ የአዚዛ ቀሚስ ላይ አለ። የእናቱ የእማማ ከሪማ ሻሽ ላይ ደግሞ ከሁሉም ይበዛል፤ ምክንያቱም ልጁን ከእጃቸው አያወርዱትም። ምልክቱን የሚያትመው ደሊል ነው። ሦስት ወር አልሞላውም፤ ጡት ጠብቶ በጨረሰ ቁጥር አፉን ከፈት ያደርግና ወተቱን በአገጩ ላይ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል፤ ከዚያ ዙሪያውን እያየ ፈገግ ይላል።

እኔ ዱሬቲ እባላለሁ፤ ያኔ በደርግ ዘመን የከተማው የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ግቢው የቀበሌ ነው። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ እንጠቀማለን፦ እኔ ለብቻዬ፣ ከድሮ ከነቤተሰቡ፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ የስፖርት አስተማሪው ቀንዓ ከሚስቱ ከወርቅቱና ከመጀመሪያ ልጃቸው ከኩምሳ ጋር። ኩምሳ ከደሊል በወር ከምናምን ያንሳል። ለሦስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ ማለት ምስጢር የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ ይሉኛል፤ ስለዚህ ሰዎች የሚነግሩኝ ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው።

ለሥራ ወደ ወንጪ ወጥቼ ነበር፤ ክትባት ለመስጠት። ፈረስ ላይ መቀመጥ አልችልም፤ መንግሥት ግን እችላለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ፣ ገና መቀመጫዬ ሳይድን፣ አዚዛ ቧንቧው ጋ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ ሊያስቆርጡት ነው» አለችኝ። ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፤ አላየችውም።

ምን ሊያስቆርጡ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእኛ አገር ሕፃን ወተት ከመለሰ ጥፋተኛው እንጥል ነው። ጉሮሮ ውስጥ የተንጠለጠለችው ትንሽ ሥጋ ወርዳ መንገድ ዘጋች ይባላል፤ ቆራጭ ይጠራል፤ በብረት ትቆረጣለች። ኤጄታ የሚባል ሰው ከጉደር በኩል በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ገበያ እየመጣ ይህን ይሠራል። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ያርሳል፤ ከብት ያክማል፤ የሰውም እንጥል ይቆርጣል። ብረቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ከድሮና አዚዛ ከደሊል በፊት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አብዱልናስር። እኔ ያኔ አምቦ አልነበርኩም። እሱም ያቀረሽ ነበር። በአራት ወሩ እንጥሉን አስቆረጡት፤ ደሙ አልቆም አለ፤ በማግሥቱ ሞተ። እማማ ከሪማ ከዚህ ሞት አንድ ትምህርት ወስደዋል፤ ዘግይተናል የሚል። ስለዚህ ደሊልን ቶሎ ማስቆረጥ አለብን አሉ። አዚዛ ከዚያው ሞት የወሰደችው ትምህርት ሌላ ነው፤ ግን ምራት ነችና ጮክ ብላ አልተናገረችም።

«መቼ ነው?» አልኳት።

«የሚመጣው ቅዳሜ ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ኤጄታ በዚያን ቀን እመጣለሁ ብሏል።»

ባልዲዬን እዚያው ትቼ እነከድሮ ቤት ገባሁ። ሰላምታ አጥሮ ነበር፤ ስቆጣ ሰላምታዬ ያጥራል። ደሊልን አወላልቄ አየሁት። ጭኑ ላይ ሥጋው በሥጋ ላይ ተደራርቧል። የሸናበት ጨርቅ ገመዱን ሞልቶ ውጭ ተሰጥቷል። እርግብግቢቱ ደህና ነው፤ አልጎደጎደም። እያየሁት ሳለ እጄ ላይ አቀረሸና ሳቀ።

«እማማ ከሪማ፣ ይህ ልጅ ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

«የበላውን የሚመልስ ጤነኛ የት አገር አለ?» አሉኝ።

«የበላውን አይደለም፤ የተረፈውን ነው። ትንሽ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ የሚቀረው እዚህ ጭኑ ላይ አለ፣ ይንኩት። የጨጓራው አፍ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚዘጋ ጡንቻ አለ። የሕፃን ገና ላላ ያለ ነው። ምግቡ ሁሉ ወተት፣ ጨጓራው ትንሽ፣ ቀኑን ሙሉ ጋደም ብሎ ነው የሚውለው። ክዳኑ በደንብ ያልጠበቀ ጀሪካን ሞልታችሁ ብታጋድሙት ምን ይሆናል? ያንጠባጥባል። ጀሪካኑ ታመመ አይባልም። ልጁ ሲቀመጥ፣ ሲቆም፣ ደረቅ ምግብ ሲጀምር፣ ክዳኑም እየጠበቀ ሲሄድ በራሱ ይተዋል። ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይተዋሉ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ሲጠባ መሐል ላይ ያስገሱት። ከጠባ በኋላ ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ አያንጥሩት። ትከሻዎ ላይ ደግሞ ጨርቅ ያድርጉ። ባለሱቅ ቤት ጨርቅ ጠፍቶ አይደለም።»

እማማ ከሪማ የልጁን አገጭ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። እሺ ግን አላሉኝም። አባትየው ከድሮ ደፍ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

«ሲስተር፣ እኔ እንኳ በሽታነቱን ትቼዋለሁ» አለ። «የሚያሳፍረኝ አቅም ማጣቱ ነው። የቀንዓን ልጅ አላዩትም። በወር ከሳምንቱ የጠባውን እስከ በሩ ይወረውራል! የኔው ግን አገጩ ላይ ነው የሚደፋው።»

«እስከ በሩ?» አልኩ።

«ወላሂ! ቀንዓ ሜትር ይደርሳል ሲለኝ ስፖርተኛ ሁሉ ያጋንናል ብዬ ነበር። በሜትሬ ለካሁት። ሜትር አልፎ ስንዝር ተርፎታል። አባቱ ትልቅ ሲሆን ጦር ውርወራ ነው የማሠለጥነው ይላል።»

ከድሮ የሚለካበትን የእንጨት ሜትር አነሳና የልጁን ስንዝር ሊያሳየኝ ሞከረ። እኔ ግን ደሊልን አዚዛ እቅፍ ውስጥ አስቀምጬ ግቢውን እያቋረጥኩ ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል ፈጥኜ የሄድኩት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያውም ከፈረስ ወርጄ በሁለተኛው ቀን።

ወርቅቱ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። ቀንዓ አጠገቧ ቁምጣ ለብሶ ቆሟል፤ ዕረፍቱ ነው።

«አከም ሲስተር፣ ጋሪዳ? ደህና ነዎት? ወንጪ እንዴት ነበር?» አለችኝ ወርቅቱ።

«ጋሪዳ» አልኳትና ልጁን አየሁት። ስሄድ ክብ ፊት ነበረው። አሁን ግን የሽማግሌ ፊት አለው፤ ግንባሩ ላይ ቆዳው ተሸብሽቧል። የሚጠባው እንደ ደሊል ተደስቶ አይደለም፤ እንደሚጣደፍ ሰው ነው።

«ስንት ጊዜ ይሸናል?»

«ቀንሷል» አለች ወርቅቱ። «ንጹሕ ልጅ ነው፤ ጨርቅ አያስቸግረኝም። ቆሻሻውም ከስንት ቀን አንዴ ነው።»

«እንዲህ መወርወር የጀመረው መቼ ነው?»

«እርስዎ በሄዱ በሦስተኛው ቀን ገደማ። በፊት ትንሽ ያቀረሽ ነበር። ከዚያ በየጊዜው እየበረታ ሄደ። አሁን በጠባ ቁጥር ነው።»

«እየበረታ!» አለ ቀንዓ፣ በአስተማሪ ድምፅ።

ዝም እንዲል በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ወርቅቱ ልብሱን ከሆዱ ላይ እንድታነሳ አደረግሁ። ጡቱን ለቀቀ። ትንሽ ቆየና በሆዱ ቆዳ ሥር አንድ እብጠት ከግራ ጎድኑ ሥር ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። ተከትሎት ሌላ መጣ። ቆዳው ሥር ኳስ የሚንከባለል ይመስላል። ልጁ ፊቱን አጨማደደ፣ እግሩን ሰበሰበ፣ ከዚያ የጠባው ወተት በሙሉ ከአፉ ተስፈንጥሮ ከመደቡ ርቆ መሬቱ ላይ አረፈ። ቀንዓ በልማዱ የት እንደደረሰ ተመለከተ።

ኩምሳ ግን ወዲያው ጡት ፈልጎ አፉን ከፈተ።

«እዩት» አልኩ። «ሁሉንም አወጣ፤ አሁንም እንደገና ራበው። የደሊል ወተት ይገባል፤ ጥቂቱ ይፈሳል፤ ሌላው ወደ ታች ያልፋል። የዚህ ግን የሚያልፍ ነገር የለም። ከጨጓራው ወደ አንጀት የሚያስገባው በር ጡንቻው ወፍሮ መንገዱን ዘግቷል። ጨጓራው ሊያሳልፈው ይታገላል፤ ያ ነው ሆዱ ላይ የሚንከባለለው። ሲያቅተው በመጣበት መልሶ ይወረውረዋል። ጉልበት አይደለም፤ ቀንዓ። መውጫ ማጣት ነው።»

ጣቴን ከጎድኑ በታች በቀኝ በኩል፣ ከእምብርቱ ከፍ ብዬ ቀስ አድርጌ ጫን አልኩ። ባቄላ የምታክል ጠንካራ ነገር ከጣቴ ሥር ገባች ወጣች። እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ምላሱ ደርቋል።

«ሆስፒታል ነው፤ አሁን» አልኳቸው። «ነገ አይደለም።»

ቀንዓ ቁምጣውን ሳይቀይር ልጁን ታቀፈ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ «እኔ እኮ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቼዋለሁ» አለ። በጣም አሳዘነኝ። ቁጣዬ የት እንደሄደ አላውቅም።

ሆስፒታሉ ያለው ወጣት ሐኪም እኔ የነካሁትን ነካ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ለልጁ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጠው። ቀዶ ጥገናው እዚህ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ይሂድ አለ። በዚያው ቀን ወርቅቱና ቀንዓ ልጃቸውን ይዘው በሆስፒታሉ ላንድሮቨር ሄዱ። ፈሳሹን የያዘውን ጠርሙስ ቀንዓ እጁን ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር፤ እስከ አዲስ አበባ አላወረደውም አሉ።

ከአራት ቀን በኋላ ቀንዓ ከአዲስ አበባ ደውሎ ለከድሮ ሱቅ ጎረቤት መልእክት ተወ። ልጁን ሆዱን ከፍተው፣ ያን የወፈረውን ጡንቻ ሰንጥቀው አላልተውታል። ጠብቷል። ወተቱም ውስጡ ቀርቷል። ግቢው በሙሉ ተደሰተ፤ እኔም ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ይህን ማንም አላየም።

ደስታው ግን በማግሥቱ ተበላሸብኝ። ቧንቧው ጋ እማማ ከሪማ አገኙኝ፤ ፊታቸው በርቷል።

«አየሽ ሲስተር?» አሉ። «ተቆረጠ፤ ዳነ! እኔ ስናገር የነበረው ይህንን አይደለም?»

«እማማ ከሪማ፣ እሱ የተቆረጠው ሆዱ ነው፤ ጉሮሮው አይደለም።»

«ሁሉም አንድ ቱቦ ነው፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«በሽታው ሌላ ነው! እሱ ይከሳ ነበር፤ ደሊል ይወፍራል። እሱ ይወረውር ነበር፤ ደሊል ያቀረሻል። እሱ መሽናት ቀንሶ ነበር፤ የደሊል ጨርቅ ገመዱን ሞልቶ ፀሐዩን ከልክሎናል። አረንጓዴ ቢያስመልሰው፣ ደም ቢያስመልሰው፣ ጡት እምቢ ቢል፣ ቢከሳ፣ እኔ ራሴ ተሸክሜ እወስደዋለሁ። ጤነኛ ልጅ ግን በምን ይቆረጣል?»

«ኤጄታ ቅዳሜ ይመጣል፤ ኢንሻአላህ» አሉ፣ ባልዲያቸውን አነሱና ሄዱ። እማማ ከሪማ ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ልጁን ከእኔም ከእናቱም የበለጠ ያቅፉታል፤ በኩምሳ መዳን ከልባቸው ተደስተዋል፤ ያንኑ መዳን ለልጅ ልጃቸው ፈለጉ። ሳላውቀው የኩምሳን መዳን ምስክር አድርጌ ለኤጄታ አውሼው ነበር ማለት ነው።

ከድሮን ሱቁ ሄጄ ተቆጣሁት። «እናቴን እንዴት እምቢ እላለሁ፤ የመጀመሪያውም ጊዜ እምቢ ማለት አልቻልኩም» አለኝ። አዚዛ ደግሞ ማታ መጥታ ልጁን ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር እንደምትሄድ ነገረችኝ። ቅዳሜ ማለዳ ልብሷን በሻንጣ ከትታ አስቀምጣ ነበር። አንዴ ከሄደች ግን መመለስ እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኤጄታ መጣ። ረጅም ነውና በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ብረቱን የያዘችውን ከረጢት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደፉ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሻይ ቀረበለት። አዚዛ ደሊልን አቅፋ ከክፍሉ ጥግ ቆማለች፤ ሻንጣዋ ከእግሯ ሥር። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ቆሜአለሁ። ሥራ ነበረኝ፤ አልሄድኩም። ማንም ከእኔ ጋር አልተጣላም፤ ሻዩ እስኪያልቅ ሁሉም በጨዋነት ይጠብቃል።

በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ደርሶ ወርቅቱ ኩምሳን አቅፋ ግቢው ውስጥ ገባች። ቀንዓ ከኋላዋ ዕቃ ተሸክሟል። እልልታ ሆነ። እማማ ከሪማ ሁሉንም ረስተው ወጡ፤ ወርቅቱን ስመው ወደ ቤት አስገቡና መደቡ ላይ አስቀመጧት፤ የልጁን ሆድ ገልጠው ትንሿን ጠባሳ አዩ።

«አልሐምዱሊላህ! አየህ ኤጄታ፣ እንዲህ ነው የቆረጡት» አሉ። ኤጄታ ተነስቶ መጣና ጠባሳውን በሙያተኛ ዓይን ተመለከተ። «ጥሩ ነው» አለ።

ኩምሳ አለቀሰ፤ ወርቅቱ አጠባችው። ሁላችንም ቆመን አየን፤ እንደ ስብሰባ። ጠብቶ ጨረሰ። ወርቅቱ ትከሻዋ ላይ አደረገችውና ጀርባውን መታ መታ አደረገች። አገሳ። ከዚያ አፉን ከፈት አድርጎ ጥቂት ወተት በቀሚሷ ላይ ቀስ ብሎ ለቀቀ።

«ተመለሰበት!» ብለው ጮኹ እማማ ከሪማ። «ዋይ! ሆዱን ቀደውለት አልተወውም!»

ወርቅቱ ግን መሳቅ ጀመረች። እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል።

«የለም እማማ፣ ይህ ጥሩው ነው» አለች። «ሐኪሙ ነግሮኛል። ትንሽ ትንሽ ያቀረሻል፤ እንደማንኛውም ሕፃን ነው፤ አትፍሪ አለኝ። ይወረውር የነበረውን ቀን ቆጥሬ ስንት አለቀስኩ መሰልዎት። አሁን እንዲህ ሲያፈስ የኔ ልጅ ሌላውን ልጅ ሁሉ መሰለ እላለሁ። እንደ ደሊል ሆነ እኮ! ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ እንደ ደሊል ሆነ!»

እማማ ከሪማ ተጠጉ። ኩምሳን ከወርቅቱ ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ለአዚዛ እጃቸውን ዘረጉ። አዚዛ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ደሊልን አቀበለቻቸው። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አድርገው የአንዱን እግር በአንድ እጃቸው፣ የሌላውን በሌላ እጃቸው ያዙ። የኩምሳ ገና ቀጭን ነው፤ ቆዳው አልሞላም። የደሊል ግን እጃቸውን ሞልቶ ተርፏል። ቀስ ብለው ጨበጡት፣ ለቀቁት፣ እንደገና ጨበጡት። እየጨበጡት ሳለ ደሊል አቀረሸ።

እኔ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። በጣም ጥሩ ንግግር ነበር፤ ቁጣም እውቀትም ነበረበት። ሳልናገረው ቀረሁ።

«ኤጄታ፣ ሻይህን ጠጥተህ ሂድ» አሉ እማማ ከሪማ፣ ቀና ሳይሉ። ኤጄታ አልተቀየመም፤ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ሰላም ብሎ ወጣ። ከድሮ እስከ በሩ ሸኘው።

እማማ ከሪማ የደሊልን ጭን እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ ድምፃቸው ሳይቀየር፣

«አብዱልናስርም ወፍራም ነበር» አሉ።

ሁላችንም ሰማን። ከድሮ በሩ ላይ ቆመ። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሙያዬ ነው። አዚዛ ከጥጉ መጥታ ከአማቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አዎ» አለች። «ወፍራም ነበር።»